8 + 9 = 11 ያለኝ ሰርኪዩት፦ በቢሲዲ ሲደመር ስድስት የሚጨመረው መቼ ነው?

አንድ ጊዜ የአንድ አሃዝ መደመሪያ ሰርኪዩት ሰርቼ ነበር። 2 + 3 ስለው 5 ይላል። 7 + 5 ስለው 12። 6 + 4 ስለው 10። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል 8 + 9 ሞከርኩ። 11 አለኝ! ግማሽ ቀን ሽቦ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ። ለካ ሽቦው ምንም አልሆነም። መጨመር የነበረበት ስድስት ነው ያልተጨመረው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በቢሲዲ እያንዳንዱ አሃዝ ለብቻው በአራት ቢት ይጻፋል። 17 በተራ ባይነሪ `10001` ነው። በቢሲዲ ግን 1 ለብቻው፣ 7 ለብቻው ስለሚጻፍ `0001 0111` ይሆናል። አራት ቢት ከ`0000` እስከ `1111` ድረስ አስራ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። እኛ የምንጠቀመው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አስሩን ብቻ ነው። ከ`1010` እስከ `1111` ያሉት ስድስቱ ባለቤት የላቸውም። ጣጣው በሙሉ የሚመጣው ከእነዚህ ስድስቱ ነው።

መጀመሪያ ዝም ብሎ መደመር

ሁለቱን አሃዞች እንደ ተራ ባይነሪ ደምር። ቢሲዲ መሆናቸውን ለጊዜው እርሳው። 4 + 5 ከሆነ፦

```
  0100
+ 0101
------
  1001
```

9 ነው፤ ድምሩ ከዘጠኝ ስላላለፈ እዚህ ላይ አለቀ። ምንም አይነካም።

ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ

አንደኛው ጥያቄ፦ የወጡት አራት ቢቶች ከ`1001` ይበልጣሉ? ሁለተኛው፦ ከአራተኛው ቢት አልፎ የወጣ ካሪ አለ? ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ "አዎ" ከሆነ፣ `0110` ማለትም 6 ይጨመራል። እኔ የመጀመሪያውን ጠይቄ ሁለተኛውን ረስቼው ነበር።

ለምን ስድስት? አራት ቢት ሞልቶ ወደሚቀጥለው ቤት የሚያሻግረው 16 ሲደርስ ነው። እኛ ደግሞ 10 ላይ እንዲያሻግር እንፈልጋለን። ልዩነቱ 6 ነው። ስድስት ስንጨምር እነዚያን ባለቤት የሌላቸውን ስድስት አጻጻፎች ዘለልናቸው ማለት ነው።

7 + 5 ላይ እንየው፦

```
  0111
+ 0101
------
  1100    (12፤ ከ1001 ይበልጣል)
+ 0110
------
1 0010
```

በቀኝ በኩል `0010` ቀረ፣ አንድ ካሪ ወጣ። 2 ጽፈን 1 በእጅ፣ ልክ በወረቀት እንደምንደምረው። መልሱ 12።

አሁን ወደ 8 + 9 እንምጣ፦

```
  1000
+ 1001
------
1 0001
```

አራቱን ቢት ብቻ ያየ ሰው `0001` ያነባል። ይሄ ደህና 1 ነው፤ ከዘጠኝም አይበልጥም። የእኔም ሰርኪዩት እንደዚሁ አሰበና አለፈው። ካሪው ደግሞ 1 ስለሆነ ተቀጣጥለው 11 ሆኑ። ግን ያ ካሪ የወጣው 16 ላይ ነው። የሚቀጥለው ቤት የሚቆጥረው ደግሞ እንደ 10 ነው። መንገድ ላይ ስድስት ጠፋ። ስለዚህ እንመልሰው፦

```
  0001
+ 0110
------
  0111
```

7፤ ካሪው ቀድሞ ወጥቷል፣ እሱን ሳንነካ እናስቀምጠዋለን። 17።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሰጋ ነገር ያለ ይመስላል፦ አንዴ ሲደመር፣ አንዴ ስድስት ሲጨመር፣ ሁለት ካሪ ቢወጣስ? አይወጣም። የመጀመሪያው ድምር ካሪ የሚያወጣው ከ16 እስከ 19 ሲሆን ነው (19 የሚመጣው ከታች ካሪ ሲጨመርበት ነው፣ 9 + 9 + 1)። ያኔ የሚቀሩት ቢቶች ከ0 እስከ 3 ናቸው፤ ስድስት ቢጨመርባቸው ከ9 አያልፉም። ስለዚህ ካሪው ከአንዱ ወይ ከሌላው ይመጣል እንጂ ከሁለቱም አይመጣም።

አሃዙ ሲበዛ፦ 44 + 56

ይህቺን ምሳሌ ሆን ብዬ ነው የመረጥኳት፤ ብዙ ሰው የሚሸወድባት ናት። ከአንድ ቤት እንጀምር። 4 + 6 `1010` ይሰጣል። ከዘጠኝ ስለሚበልጥ ስድስት ይጨመራል፣ `1 0000` ይሆናል። 0 ተጻፈ፣ 1 በእጅ።

የአስር ቤቱን የቸኮለ ሰው ቀድሞ ያየዋል፦ 4 + 5 `1001`፣ ዘጠኝ ነው፣ ማስተካከያ አያስፈልገውም። ከዚያ ካሪውን ሲጨምርበት `1010` ይሆንና እንደዚያው ይተወዋል። ባለቤት የሌለው አጻጻፍ መልስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቁጥር ማሳያው ላይ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ የማይነበብ ቅርጽ ይመጣል። ከታች የመጣው ካሪ መጀመሪያ ይደመር፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ይጠየቁ። 4 + 5 + 1 `1010` ነው፣ ስድስት ሲጨመር `1 0000`። መልሱ `0001 0000 0000`፣ 100።

በሰርኪዩትና በኮድ

በሰርኪዩት ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ፎርሙላ ይጻፋሉ። ከመጀመሪያው መደመሪያ የሚወጣውን ካሪ K፣ ቢቶቹን ደግሞ እንደየዋጋቸው Z8፣ Z4፣ Z2፣ Z1 እንበላቸው፦

```
C = K + Z8·Z4 + Z8·Z2
```

እዚህ `+` "ወይም" ነው፣ `·` ደግሞ "እና"። ባለ 8ቱ ቢት በርቶ ባለ 4ቱ ወይም ባለ 2ቱ አብሮት ከበራ ቁጥሩ ከ9 በላይ ነው። 8 እና 9 ላይ ሁለቱም ጠፍተዋል። C አንድ ሲሆን ሁለተኛው መደመሪያ `0110` ይጨምራል፤ ራሱ C ደግሞ ወደሚቀጥለው አሃዝ የሚሄደው ካሪ ይሆናል። እኔ ስድስት የሚያስጨምረው ፎርሙላ ውስጥ K የሚለውን ዘልዬ፣ ካሪውን ግን ከሁለቱ መደመሪያዎች በቀጥታ ወደሚቀጥለው አሃዝ ልኬው ነበር።

በኮድ ይቀላል፣ ምክንያቱም አምስተኛው ቢት አይጠፋም። a እና b ሁለቱ አሃዞች፣ ትንሿ c ደግሞ ከታች የመጣው ካሪ ናቸው፦

```
s = a + b + c
if s > 9:
    s = s + 6
digit = s & 15
carry = s >> 4
```

እንደ 8085 ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ይህን ሥራ `DAA` የሚባል ትእዛዝ ይሠራዋል። ከድምሩ የተረፉትን የካሪ ምልክቶች አይቶ ስለሚወስን፣ ከ`ADD` በኋላ ወዲያው መምጣት አለበት።

ስህተቱን ማግኘት

ከታች የሚመጣ ካሪ የሌላቸውን የአንድ አሃዝ ጥንዶች ብንቆጥር 100 ናቸው። እንደ እኔ ስድስት ሲጨመር K ቢረሳ የሚበላሹት ስድስት ብቻ ናቸው፦ 7 + 9፣ 9 + 7፣ 8 + 8፣ 8 + 9፣ 9 + 8 እና 9 + 9። መልሳቸው 10፣ 10፣ 10፣ 11፣ 11፣ 12 ሆኖ ይወጣል፤ ሁሉም በስድስት ይጎድላሉ። ሌላው 94 ልክ ስለሚሆን እንዳጋጣሚ ሁለት ሦስት ጥንድ ሞክሮ የተነሳ ሰው አያገኘውም። እኔ አሁን ሰርኪዩቱን እንደሰራሁ መጀመሪያ የምሞክረው 9 + 9ን ነው፣ ከዚያ 9 + 9 ላይ ካሪ ጨምሬ። 19 ካለኝ ሽቦውን አልነካካውም።