ከሴራሚክ ለተላቀቀ ሲልከን ለመደብሩ የቅሬታ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

የሻወር ቤቱ ሲልከን ከተቀባ ወር ሳይሞላው ከሴራሚኩ ላይ ተላቅቆ ሲንጠለጠል፣ ባለ መደብሩ የሚሰጠውን መልስ አስቀድሞ መገመት አያዳግትም። «ዕቃው ጥሩ ነው፤ ያበላሸው ቀቢው ነው» ይላል። ወቅቱ ክረምት ከሆነ ደግሞ «በባሕር ዳር ዝናብ ምን ሲልከን ይይዛል?» ብሎ ይጨምርበታል። ጥሩ የቅሬታ ደብዳቤ ለእነዚህ ሁለት መልሶች ቀድሞ ምላሽ የያዘ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከወረቀቱ ሳይሆን ከግድግዳው ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

የተላቀቀውን ሲልከን አትጣሉት፤ ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። የሳሙና ቅሪት፣ የሲሚንቶ ብናኝ ወይም የአሮጌ ሲልከን ቁራጭ ከተጣበቀበት ጥፋቱ የዝግጅት ነው። አዲስ ሲልከን በአሮጌው ላይ አይዝም፤ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተፍቆ መነሳት ነበረበት። እንዲህ ከሆነ መደብሩን መክሰስ አያዋጣም፤ ጉዳያችሁ ከቀቢው ጋር ነው።

ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ግን ገና አልተለየም፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የተቀባም እንዲሁ ንጹሕ ሆኖ ሊላቀቅ ይችላልና። በመሐሉ ጫን ስትሉት እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ከሆነ በደንብ አልደረቀም ማለት ነው። ይህ በአብዛኛው ጊዜው ያለፈበት ወይም ፀሐይ ላይ ተሰድሮ የከረመ ዕቃ ምልክት ነው። ሲልከን የሚደርቀው ከአየር በሚወስደው እርጥበት እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ የክረምት እርጥበት አየር ማድረቁን አያግደውም፤ የሚጎዳው ሴራሚኩ ራሱ ውኃ ካዘለ ነው።

ክርክሩን የሚቆርጠው ቀላል ሙከራ ነው። ከቤት ሥራ የተረፈ የሴራሚክ ቁራጭ በአልኮል ጥረጉና አድርቁ። በቱቦው ውስጥ ከተረፈው ሲልከን፣ አፉ ላይ የደረቀውን ክፍል ካስወገዳችሁ በኋላ፣ አንድ ጣት የሚያህል መስመር አስምሩበት። አጠገቡ ከሌላ መደብር የተገዛ፣ ጊዜው ያላለፈ ሲልከን በተመሳሳይ ውፍረት ቀቡ። ሲልከን በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስለሚደርቅ ለሳምንት ተዉትና በጥፍራችሁ ሳቡት። ከመደብሩ የገዛችሁት ሲነሳ ሌላው ካልተነሳ፣ ዝናቡም ሴራሚኩም አንድ ስለሆኑ የቀረው ምክንያት ዕቃው ብቻ ነው። ሁለቱም በደንብ ከያዙ ደብዳቤውን አትጻፉ።

ቱቦው ላይ ያለውንም ጽሑፍ አንብቡ። የማብቂያ ቀኑና የባች ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ላይ በማኅተም ይገኛሉ፤ በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ከተለጠፈበት ሳትልጡ ፎቶግራፍ አንሱት። «አክሪሊክ» የሚል ከሆነ፣ ዕቃው ሲልከን ሳይሆን ሌላ ዓይነት ማሸጊያ ስለሆነ፣ ነገሩ ይለወጣል። አክሪሊክ ዘወትር ውኃ የሚፈስበት ቦታ ላይ የሚረባ አይደለም፤ ለሻወር መሆኑን ተናግራችሁ እርሱን ከሰጧችሁ ቅሬታው «ዕቃው ተበላሸ» ሳይሆን «ለጠየቅሁት አገልግሎት የማይሆን ዕቃ ተሸጠልኝ» መሆን አለበት። ብዙ ዓይነት ሲልከን ሲቀባ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ አክሪሊክ ግን አይሸትም። ሆኖም አቼቶ የማይሸት ሲልከንም ስላለ በጠረኑ ብቻ አትፍረዱ።

የ15 ቀኑ ነገር

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ችግሩ ሲልከን ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው። ቀኑ አልፎ ሳለ ይህን አዋጅ ብቻ ይዞ መሄድ ባለ መደብሩ በቀን ቆጠራ እንዲያሸንፍ መፍቀድ ነው።

ያን ጊዜ ደብዳቤው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ይደገፍ። ሕጉ ሻጭ በዕቃው ላይ ላለ ስውር ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ፣ ገዢም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስታወቅ እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ከግዢው ቀን ይልቅ ጉድለቱን ያያችሁበትና ለመደብሩ የነገራችሁበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌው ሲመላለስ ቀኑ ይሮጣልና ደብዳቤው ይቅደም።

ደብዳቤው

በባሕር ዳር የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ የጻፈችው፣ ስሞች ወጥተውለት፣ ይህን ይመስላል።

> ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
>
> ለ (የመደብሩ ስም)
> ባሕር ዳር
>
> ጉዳዩ፦ ጉድለት ስላለበት ሲልከን ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
>
> ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመደብራችሁ 2 ቱቦ ነጭ ሲልከን እያንዳንዱን በ450 ብር፣ በድምሩ በ900 ብር ገዝቻለሁ። ስገዛ ለሻወር ቤት መሆኑን ተናግሬያለሁ። ሐምሌ 10 ቀን አሮጌው ተፍቆ፣ ሴራሚኩ ታጥቦና ደርቆ ተቀብቷል፤ ለሦስት ቀን ውኃ አልነካውም።
>
> ሐምሌ 30 ቀን በሁለት ማዕዘን መላቀቁን አየሁ። በማግሥቱ ነሐሴ 1 ቀን መደብራችሁ መጥቼ በቃል አሳውቄያለሁ። በዚያው ቀን ከቱቦው የተረፈውንና ከሌላ ቦታ የተገዛ ሲልከን በአንድ ንጹሕ ሴራሚክ ላይ ጎን ለጎን ቀባሁ። ነሐሴ 8 ቀን የእናንተው በጣት ሲነሳ ሌላው አልተነሳም። ሴራሚኩን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።
>
> ስለዚህ 900 ብር እንዲመለስልኝ፣ እንዲሁም ለድጋሚ ሥራ የምከፍለው 1,000 ብር እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። ምላሻችሁን እስከ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በጽሑፍ እጠብቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)
>
> አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ 4 ፎቶግራፎች

የዕቃውን ዋጋና የሠራተኛውን ዋጋ ለይታ መጻፏን ልብ በሉ። ባለ መደብሮች የዕቃውን ይመልሱ ይሆናል፣ የሠራተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ይከራከሩበታል። ሁለቱ አንድ ድምር ከሆኑ በአንዱ ላይ ያለው ክርክር ሌላውንም ያዘገየዋል። «አጭበረበራችሁኝ» የሚል ቃልም የለበትም። ባለ መደብሩ ራሱ ከጅምላ አከፋፋይ ተታሎ ሊሆን ይችላል፤ ከተሰደበ ግን ዕቃውን ትቶ ለክብሩ ይከራከራል።

የታጠበውና የደረቀው ሴራሚክ የተጠቀሰው ለጌጥ አይደለም፤ «ቀቢው ነው» የሚለውን መልስ የሚዘጋው እርሱ ነው። እናንተ ግን ያልሆነውን አትጻፉ። በማግሥቱ ገላችሁን ታጥባችሁበት ከሆነ፣ ቀቢው በምስክርነት ሲጠየቅ ይወጣል።

አሰጣጡ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ለመደብሩ ሰጥታችሁ በሌላው ላይ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት፣ ቢቻል ማኅተም እንዲያሳርፍበት ጠይቁ። አልፈርምም ካለ አብረዋችሁ የሄዱ ሁለት ሰዎች ደብዳቤው መሰጠቱን በእናንተ ቅጂ ላይ ይፈርሙ። ዋናውን ደረሰኝ በፍጹም አትስጡ፤ ቅጂው ይበቃል። ደረሰኝ ካልተሰጣችሁ በሞባይል ባንክ የከፈላችሁበት መልእክት ግዢውን ለማስረዳት ይረዳል።

የተቆረጠው ቀን ካለፈ፣ የተፈረመበትን ቅጂ፣ ፎቶግራፎቹን፣ ቱቦውንና የሙከራውን ሴራሚክ ይዛችሁ መደብሩ ወደሚገኝበት ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የባች ቁጥሩን ለብቻው በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ፤ ባለሙያው መደብሩ ውስጥ የቀሩትን ቱቦዎች የሚፈትሸው በእርሱ ነው።