2011 ዓ.ም. 2018 ነው ወይስ 2019? የዋቢ ዝርዝር ዓመት ሲሳሳት

ምልክቱ፦ በዝርዝራችሁ ላይ ያለው አዋጅ ተፈልጎ አይገኝም

የመመረቂያ ጽሑፎችን ዋቢ ዝርዝር ሳርም በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ተማሪው ሁለት አዋጆችን ከአማርኛው ቅጂ ወስዷል። አንዱ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር ይወስን የነበረው አዋጅ ቁጥር 1097/2011 ነው። ሌላው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በሁለቱም ላይ ስምንት ደምሮ 1097/2019 እና 1156/2019 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ትክክል ነው። የመጀመሪያው ግን በእንግሊዝኛው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የተጻፈው 1097/2018 ተብሎ ነው።

ምክንያቱ

የእኛ አንድ ዓመት በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ላይ ይወድቃል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ይደመራል። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ ስምንት። (ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ብቻ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል፤ ስምንቱ ከታኅሣሥ 22 ይጀምራል።)

አሁን ሁለቱን አዋጆች በቀናቸው እንያቸው። 1097 የወጣው ኅዳር 20 ቀን 2011 ነው። ኅዳር ከታኅሣሥ በፊት ስለሆነ ሰባት ደምሩ፤ 2018። 1156 የወጣው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ነው። ስምንት ደምሩ፤ 2019። ዓመቱ አንድ፣ ወሩ ግን ሌላ። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ ይዞ መደመር አይበቃም፤ ወሩን ማየት የግድ ነው።

መፍትሄው

ነጋሪት ጋዜጣ ከሆነ ማስላትም አያስፈልግም። የፊት ገጹ ላይ ሁለቱም ቀኖች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስላሉ ከዚያው ቅዱ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በአማርኛው ርዕስ ውስጥ ያለውን 2011 አትንኩት። እሱ የአዋጁ ስም አካል ነው። የሚቀየረው የኅትመት ዓመት የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ነው። እኔ እንዲህ አጽፋለሁ፦

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። (2019 [2011 ዓ.ም.])። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ።

በቅንፍ ውስጥ ያለውን የእኛን ዓመት ብዙ ሰው ይተወዋል። አትተዉት። መጽሐፉን ወይም አዋጁን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚፈልግ ሰው ሽፋኑ ላይ የሚያገኘው እሱን ነው።

መጽሐፉ ላይ ወር ከሌለስ?

ብዙ የአገር ውስጥ መጽሐፍ «አዲስ አበባ፣ 2011 ዓ.ም.» ብሎ ያበቃል። ያኔ መቅድሙ ወይም ምስጋናው ሥር ቀን ካለ እዩ። መቅድሙ ሰኔ 2011 ከተጻፈ መጽሐፉ ከዚያ በፊት ሊታተም አይችልምና 2019 ነው። መቅድሙ ጥቅምት ላይ ከተጻፈ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወራት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ፍንጭ ካጣችሁ 2018/19 ብላችሁ ጻፉ። ጽሑፉ ውስጥ ስትጠቅሱትም ያንኑ 2018/19 ድገሙት፤ እዚያ 2019 ብቻ ካላችሁ ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም። «ስምንት ይበዛልና ስምንት ልደምር» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ከዓመቱ ሰባት የሚደመርበት 112 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ግን ግምትን እንደ እርግጥ ከመጻፍ 2018/19 ማለት ይሻላል።

ምልክቱ፦ ዓመቱ ገና ያልደረሰ ይሆናል ወይም ሩቅ ይሄዳል

ይሄ የሚመጣው ቀድሞውንም በፈረንጅ የነበረው ዓመት ላይ ሲደመርበት ነው። ሽፋኑ ላይ እ.ኤ.አ. ካለ አትንኩት፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኢ.አ. ካለ ቀይሩት። «ኤ» እና «ኢ» በዓይን ስለሚምታቱ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ምንም ምልክት የሌለው «2010» ሲያጋጥም ይከብዳል፤ በሁለቱም አቆጣጠር ያስኬዳልና። ያኔ የሥራውን የራሱን ዋቢ ዝርዝር ክፈቱ። በእንግሊዝኛ የታተመ የ2016 ጽሑፍ ጠቅሶ ከሆነ እሱ ራሱ በፈረንጅ 2010 ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የእኛ 2010 ነው፤ ወሩን ፈልጉና 2017 ወይም 2018 በሉት።

ምልክቱ፦ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ዓመት አይገጥምም

«የ2011 በጀት ዓመት» የሚለው ርዕስ የኅትመት ዓመት አይደለም። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2010 ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን 2011። የዓመቱ ዕቅድ በሐምሌ 2010 ከወጣ 2018 ነው። የዓመቱ አፈጻጸም ሪፖርት ነሐሴ 2011 ከወጣ 2019 ነው። ርዕሱን እንዳለ ተዉትና ዓመቱን ከሸኚው ደብዳቤ ወይም ከፊት ገጹ ቀን አውጡ።