ሪስክ ሬጂስተሩ አለ ግን ሞቷል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ማስተካከያው

ይሄ ጽሁፍ ሪስክ ሬጂስተር ምንድነው ለሚል ሰው አይደለም። ጉግል ሺት ላይ አንዱን ሰርታችሁ፣ ባለቤት፣ ዕድል፣ ጉዳት፣ የሚታይበት ቀን ብላችሁ ከፋፍላችሁ፣ ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ስትከፍቱት ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ላገኛችሁት ነው። ምሳሌው አንድ ይሁንና እሱን ይዘን እንሂድ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰራ ጂ+4 ህንጻ፣ ሊፍቱ ከውጭ የሚመጣ፣ ርክክቡ ጁን 30 2025 የተባለ። ሺቱ ላይ A ቁጥር፣ B ሪስኩ፣ C ባለቤት፣ D ዕድል፣ E ጉዳት፣ F ውጤት፣ G የሚታይበት ቀን፣ H ሁኔታ ነው። ሺቱ Risks ይባል።

ምልክት፦ ቀኑ ያለፈ ሪስክ ቀይ አይሆንም፣ ወይ ደግሞ ሁሉም ቀይ ነው

በጣም የሚበዛው ይሄ ነው፣ መንስኤው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና አይደለም፣ ካላንደር ነው። ሳይት ላይ ያለው ፎርማን "ጥር 20 እናየዋለን" ይላችኋል፣ መዝጋቢዋም 20/5/2017 ብላ ትጽፈዋለች፣ ለሷ ጥር አምስተኛው ወር ነው። ሺቱ ግን የኢትዮጵያ ካላንደር አያውቅም። ሴቲንጉ ቀንን የሚያስቀድም ከሆነ (የእንግሊዝ ከሆነ ማለት ነው) ሜይ 20 2017 ብሎ ይረዳዋል፣ ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን ስለሆነ ወዲያው ቀይ ይሆናል። ሴቲንጉ ወርን የሚያስቀድም የአሜሪካ ከሆነ ደግሞ ሀያኛ ወር ስለሌለ ቀን መሆኑን ይተወውና እንደ ጽሁፍ ያስቀምጠዋል። ጽሁፍን ከቀን ጋር ስታወዳድሩት ሺቱ ሁሌ ጽሁፉን ትልቅ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ያ ሪስክ ዓለም እስኪያልፍ ቀይ አይሆንም። ከሁለቱ የሚብሰው ይሄኛው ነው፣ ቢያንስ ቀይ የሆነውን ሰው ያየዋልና።

ጳጉሜ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። ጳጉሜ 3 2016ን አንዱ 3/13/2016 ብሎ ቢጽፈው የአሜሪካ ሴቲንግ ማርች 13 2016 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል፣ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 8 2024 ነበር።

እንዴት ታውቃላችሁ? ራሳችሁ ካላሰለፋችሁት በቀር ሺቱ ቀን ብሎ የተረዳውን ወደ ቀኝ፣ ጽሁፍ ያለውን ወደ ግራ ያስጠጋዋል። በአይን ማየት ካልበቃችሁ ጎን ላይ ባዶ ኮለም ይዛችሁ ይቺን ጻፉና ወደ ታች ጎትቷት፦

```
=IF(G2="","ቀን የለም",IF(NOT(ISNUMBER(G2)),"ጽሁፍ ነው",IF(G2<DATE(2024,1,1),"ካላንደር ይታይ","")))
```

2024 ያልኩት ይሄ ፕሮጀክት ከዛ በፊት ስላልነበረ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን መጀመሪያ ቀን አስገቡ። "ካላንደር ይታይ" የሚለው የወጣበት መስመር ሁሉ በሀበሻ ቀን የገባ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ማስተካከያው ሰውን በፈረንጅ ቀን እንዲያስብ ማስገደድ አይደለም፣ አይሳካም። ሁለት ኮለም አድርጉት። G የፈረንጁ ብቻ ይሁን፣ K ላይ ሌላ ኮለም ጨምሩና እዛ ላይ "ጥር 20 2017" ተብሎ በፊደል ይጻፍ፣ ያ ለሰው ማንበቢያ ነው፣ ሺቱ አይነካውም። G ላይ Data > Data validation ገብታችሁ ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ በኋላ ያለ ቀን ብቻ እንዲቀበል አድርጉ፣ Reject the input የሚለውንም ምረጡ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ከሆነ ሰው ያልፈዋል። File > Settings ውስጥ Locale አንድ ጊዜ ተመርጦ ይቀመጥ፣ ቀን ይቅደም ካላችሁ United Kingdom። አንድ ነገር ግን፣ ሎካሉን መቀየር ቀድሞ በስህተት የገባውን አያስተካክልም፣ እነዛን በእጅ እንደገና መጻፍ ነው።

ከዛ በኋላ ነው Conditional formatting ውስጥ የሚገባው የቀለሙ ፎርሙላ የሚሰራው፦

```
=AND($H2="ክፍት",$G2<TODAY())
```

ባዶ ቀን እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር ይሄ ባዶውንም ቀይ ያደርገዋል። አታጥፉት፣ ቀን የሌለው ሪስክ ቀይ መሆኑ ጥሩ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ሪስክ 9 ነው

F ላይ =D2*E2 ብላችሁ ስታዩት 9፣ 9፣ 6፣ 9፣ 12፣ 9። ሰው ከአንድ እስከ አምስት ስጥ ሲባል እና ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ካልተነገረው ሶስት ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሶስት ማንንም አያስቆጣም። መንስኤው ሁለት ነው፣ ስኬሉ ትርጉም የለውም፣ ሪስኩም አንድ ነገር ሳይሆን የነገሮች ስም ነው።

ስኬሉ ቀላል ነው። ለዚህ ህንጻ ጉዳት 1 ማለት ርክክቡን ከሳምንት በታች የሚያዘገይ፣ 3 ማለት እስከ ወር፣ 5 ማለት ከሁለት ወር በላይ ወይም ሰው የሚጎዳ ብላችሁ እዛው ሺቱ አናት ላይ ጻፉት። ዕድልም እንደዛው፣ "ከርክክቡ በፊት" የሚል የጊዜ ገደብ ይኑረው፣ ያለ ጊዜ ዕድል ትርጉም የለውም፣ በረጅም ጊዜ ሁሉም ነገር ይደርሳል እኮ።

የሚከብደው ሁለተኛው ነው። በ2016 ክረምት ላይ ነን እንበል፣ B ላይ "የውጭ ምንዛሬ ችግር" የሚል አንድ መስመር አለ፣ ዕድል 3፣ ጉዳት 3። ሐምሌ 22 2016 (ጁላይ 29 2024) ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፣ ንግድ ባንክ ላይ ዶላር በዛው ቀን ከ57 ብር አካባቢ ወደ 74 አካባቢ ዘለለ። እና አሁን ያ መስመር ምን ይሁን? ቢዘጉትም ልክ አይደለም፣ ቢተዉትም ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም ውስጡ ሁለት ሪስክ ነበረ። አንዱ ዋጋው ይጨምራል የሚለው ነው፣ ያ ደረሰ። ሊፍቱ 30,000 ዶላር ቢሆን ከ1.71 ሚሊየን ወደ 2.22 ሚሊየን ብር ሄደ፣ ግማሽ ሚሊየን ልዩነት፣ ይሄ ዕድል የሚሰጠው ነገር አይደለም፣ ኢሹ ነው፣ H ላይ "ደርሷል" ተብሎ በጀት የሚፈቅደው ሰው ጋ ይሄዳል። ሌላኛው ባንኩ በጊዜ ዶላር አይሰጠንም የሚለው ነው፣ እሱ ገና ክፍት ነው፣ ዕድሉም ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ እንደገና መመዘን አለበት።

ስለዚህ ሪስኩን ስትጽፉ ምክንያት፣ ክስተት፣ ውጤት እንዲኖረው አድርጉ። "ባንኩ ዶላሩን በጊዜ ባለመፍቀዱ የሊፍቱ ኤልሲ እስከ ጃንዋሪ 4 ካልተከፈተ፣ ሊፍቱ ዘግይቶ ደርሶ ርክክቡ ከጁን 30 ያልፋል።" ይሄን ያነበበ ሰው 3 ብሎ ዝም ማለት ይከብደዋል፣ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም ብሎ ይከራከራል። ኤልሲ ማለት ባንኩ ለውጭው አቅራቢ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ነው፣ ጃንዋሪ 4 ከየት መጣ የሚለውን ታች እመጣበታለሁ።

ስለ ማባዛቱ አንድ ነገር ብቻ። አምስት በአንድ አምስት ነው፣ አንድ በአምስትም አምስት ነው። የሲሚንቶ ደረሰኝ መዘግየትና የስካፎልዲንግ መውደቅ እኩል ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ጉዳቱ 5 የሆነውን ሁሉ ውጤቱን ሳታዩ ከላይ አድርጉት፣ በቃ።

ምልክት፦ ባለቤት አለው ግን ማንም አልሰራም

C ላይ "ፕሮኪዩርመንት" ወይም "ሁሉም" ከተጻፈ ባለቤት የለውም ማለት ነው። ከዚህ የሚደበቀው ግን የፕሮጀክት ማናጀሩ ስም ሁሉም መስመር ላይ ሲሆን ነው። የሚያምር ይመስላል፣ ሰውየው ግን በሳምንት ሀያ ሪስክ መከታተል አይችልም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ በስም አጣሩና አንድ ሰው ስንት ክፍት ሪስክ እንደያዘ ቁጠሩ።

የባለቤት ጥያቄው "ማን ይሰራዋል" አይደለም፣ "አማራጩን ለመቀየር ማን መወሰን ይችላል" ነው። ባንክ የሚመላለሰው ልጅ የኤልሲውን ሁኔታ ይነግራችኋል፣ ግን ከውጭ ማስመጣቱ ይቅርና አገር ውስጥ ካለ አስመጪ በብር እንግዛ ብሎ መወሰን አይችልም። እሱ ሰሪ ነው፣ ባለቤቱ የግዢ ኃላፊዋ ናት። ሁለቱን ለየብቻ ኮለም ስጧቸው፣ ባለቤቱ C ላይ ይቆይ፣ ሰሪው L ላይ ይግባ። ስም ስታስገቡ ደግሞ ሰውየው ሳይሰማ አይሁን፣ "ውይ እኔ ነኝ እንዴ?" የሚባለው ያኔ ነው።

ምልክት፦ ሪቪው ይደረጋል፣ ቀኑ ይገፋል፣ ሌላ ምንም አይቀየርም

የቨርዥን ታሪኩን (File > Version history) ክፈቱና እዩት። በየስብሰባው G ብቻ እየተቀየረ D እና E ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው ከሆኑ፣ ሪቪው ሳይሆን ቀን መግፋት ነው የተደረገው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ለሁሉም ሪስክ አንድ አይነት ቀን መሰጠቱ ነው፣ የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ምናምን። ሀያ ሪስክ በአንድ ስብሰባ ላይ ሲመጣ ሰው ሁሉንም "እንዳለ ነው" ብሎ ወደ ምሳ ይሄዳል።

ቀኑ መምጣት ያለበት ከሪስኩ ነው፣ ወደኋላ ተቆጥሮ። ሊፍቱን እንየው። ርክክብ ጁን 30። ገጠማና ፍተሻ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ከተባላችሁ ሊፍቱ ሜይ 19 ሳይት መድረስ አለበት። ማምረት ሁለት ወር፣ መርከብ፣ ጅቡቲና ጉምሩክ አንድ ላይ ሁለት ወር ተኩል ብትሉ (እነዚህን ከአቅራቢያችሁና ከትራንዚተራችሁ ጠይቁ፣ ከኔ አትውሰዱ) ወደ ጃንዋሪ 4 2025 ትደርሳላችሁ፣ ታኅሣሥ 26 ማለት ነው። ኤልሲው ከዛ ካለፈ ያለቀ ነገር ነው። ሺቱ ላይ የነበረው የሚታይበት ቀን ዲሴምበር 31 ከሆነ ለመወሰን አራት ቀን ቀረ፣ በአራት ቀን ሌላ ሊፍት አይገኝም። ስለዚህ የሚታይበት ቀን ዲሴምበር 2፣ ኅዳር 23 ይሁን፣ አንድ ወር ሙሉ ይተርፋል።

ከዛ ሁለት ኮለም ጨምሩ። I "ምን ታየ" ነው፣ ቀን መግፋት የሚቻለው እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ብቻ ነው፦ "ኅዳር 23 ባንክ ተጠይቋል፣ ወረፋ ላይ ነው፣ ዕድል ከ3 ወደ 4።" J ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ የሚያስነሳው ነገር ነው፣ ለምሳሌ ባንኩ ማመልከቻውን ከመለሰ ወይም እንደ ሐምሌ 22ቱ አይነት መመሪያ ከወጣ በዛው ሳምንት ይታያል፣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለሳምንቱ ስብሰባ ሙሉውን ሺት አትክፈቱ። ሌላ ታብ ላይ ይቺን አስገቡና እሷ ያወጣችውን ብቻ እዩ፦

```
=SORT(FILTER(Risks!A2:J100,Risks!H2:H100="ክፍት",Risks!G2:G100<=TODAY()+7),7,TRUE)
```

በሚቀጥለው ሰባት ቀን ውስጥ የሚታዩትንና ያለፉትን ታወጣለች፣ ቀን የሌላቸውም ይመጣሉ። ምንም ከሌለ #N/A ትላለች፣ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ሶስት ወይ አራት መስመር ነው የሚመጣው፣ ለነሱ ሀያ ደቂቃ ይበቃል። ኅዳር 23 ላይ የሊፍቱ መስመር ወጥቶ ዕድሉ 4 ከሆነ፣ የግዢ ኃላፊዋ በዛው ስብሰባ ላይ ከአገር ውስጥ አስመጪ በብር ፕሮፎርማ እንድትሰበስብ፣ እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስም ከውጭው ጋር እንድታወዳድር ይጻፋል፣ የሚቀጥለው G ዲሴምበር 19 ይሆናል።