የተከፈተ ለስላሳ ጋዙ እንዳይወጣ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

ባህር ዳር ላይ ባለ 2 ሊትር ለስላሳ ከፍቶ ግማሹን ለማግስቱ ማስተረፍ ቀላል አይደለም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ቢዘጋም ጠዋት ላይ ጣፋጭ ውሃ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ክዳኑ ላይ ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጋዙ ከጠርሙሱ አልወጣም። እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ከመጠጡ ወጥቶ ወደ ባዶው ቦታ ሄዷል።

ይህ ለምን እንደሚሆን መጀመሪያ እንይ። ለስላሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ፋብሪካው መጠጡን አቀዝቅዞ ጋዙን በግፊት ያሟሟበታል። ዊልያም ሄንሪ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1803 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር እኩል ይጨምራል፣ እኩል ይቀንሳል። ግፊቱ እጥፍ ከሆነ የሚሟሟውም እጥፍ ነው፤ ግፊቱ በግማሽ ከቀነሰ የሚሟሟውም ግማሽ ይሆናል። «የዚያው ጋዝ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። በ1 አትሞስፌር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ስር 1 ሊትር ውሃ በ5 ዲግሪ ወደ 2.8 ግራም ጋዝ ይይዛል። በ25 ዲግሪ የሚይዘው 1.5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ለስላሳ ውስጥ ግን በሊትር 6 ግራም አካባቢ አለ። ስለዚህ ያልተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት በ5 ዲግሪ ወደ 2 አትሞስፌር፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ ወደ 4 ይሆናል። የሞቀ ለስላሳ ሲከፈት ቡፍ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። መጠጡ ሲሞቅ የጋዙ ቅንጣቶች በፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ ከፈሳሹ ማምለጥ ይቀላቸዋል። አረፋውም ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይወጣል።

1. ሳትከፍቱ አቀዝቅዙ

ከአዲስ አበባ ተጭኖ የዓባይ በረሃን አቋርጦ ደጀን የደረሰ ለስላሳ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይገኛል። ይህ ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ጋዙ ውስጥ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ወደ መጠጡ ይመለሳል። ጉዳቱ የሚመጣው በሞቀበት ሲከፈት ነው።

ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውጭ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ አረፋው ቶሎ ይፈጠራል፣ ተለቅ ብሎም ያድጋል። ቢሆንም የማርቆስ ብርድ ይህን ያካክሰዋል። በረሃው ውስጥ የአየሩ ግፊት ከፍ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ግን ስለሚያይል የተከፈተ ለስላሳ እዚያ ቶሎ ይሞታል።

ባለ 2 ሊትሩን ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ለአራት ሰዓት ተዉት። ላዩን ነክቶ «ቀዝቅዟል» ማለት አይበቃም፤ መሀሉ የሚቀዘቅዘው መጨረሻ ነው። ፍሪጅ ከሌለ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ንፋስ ባለበት ጥላ ስር አቁሙት። ይህ ዘዴ በበጋ ጥሩ ይሠራል፤ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ብዙም አይረዳም። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት። ውሃው በረዶ ሲሆን ጋዙን ይገፋዋል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል።

2. ቀስ ብላችሁ ክፈቱ

ጠርሙሱ ተናውጦ ከሆነ ትንሽ ይረፍ። ክዳኑን በትንሽ በትንሹ ፍቱት።

3. የማግስቱን አስቀድማችሁ ለዩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አካሄድ ለእንግዳው ቀድቶ የተረፈውን መዝጋት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሊትር ተርፏል፣ ውስጡም 5 ግራም ጋዝ አለ እንበል። ከላዩ 1 ሊትር ባዶ ቦታ አለ። ከተዘጋ በኋላ ጋዙ በመጠጡና በባዶው ቦታ መካከል ይከፋፈላል። በ25 ዲግሪ መጠጡ ውስጥ የሚቀረው 2.3 ግራም ያህል ነው፤ በ5 ዲግሪ ወደ 3 ግራም። ቀሪው ባዶውን ቦታ ሞልቶ ይቀመጣል፣ ክዳኑ እንደገና ሲከፈትም ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ተዘግቶ ሲቀመጥ ክፍፍሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። በከፈታችሁ ቁጥር ይህ ነው የሚደገመው።

አንዳንዱ ጠርሙሱን ጨምድዶ አየሩን አስወጥቶ ይዘጋዋል። ብልህነት ይመስላል፤ ግን ጥቅም የለውም። ከመጠጡ የሚወጣው ጋዝ የተጨመደደውን ፕላስቲክ መልሶ ይነፋዋል፣ ባዶው ቦታም እንደነበረው ይሆናል።

አየር እየነፋ ግፊት የሚጨምር የክዳን ፓምፕም አለ። ገንዘባችሁን አታውጡበት። ጠርሙሱ ይጠነክራል፣ የሚጠነክረው ግን በአየር ነው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከመጠጡ በላይ ያለው «የዚያው ጋዝ» ግፊት የጨመረ ያህል አይቆጠርም። ለስላሳው ጋዙን መልቀቁን አይተውም።

የሚሠራው ባዶውን ቦታ ማጥፋት ነው። ሁለት ባዶ የግማሽ ሊትር የለስላሳ ጠርሙሶች አዘጋጁ። እጠቧቸውና ከትልቁ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዟቸው። ትልቁን እንደከፈታችሁ፣ ለማንም ሳትቀዱ፣ ትንንሾቹን እስከ አንገታቸው ሙሉና ዝጉ። ከዚያ የቀረውን ለእንግዳ ቅዱ። ስትሞሉ ጠርሙሱን አዘንብሉትና መጠጡ በግድግዳው ተንሸራቶ ይውረድ። የሞቀ ወይም አቧራ ያለበት ጠርሙስ አረፋ ያስነሳል፣ አረፋ ደግሞ የሚያመልጥ ጋዝ ነው። በመቅዳት 1 ግራም ቢጠፋ እንኳ ከላይ ካልነው 5 ግራም 4ቱ ይቀራል። ባዶ ቦታ ስለሌለም እዚያው መጠጡ ውስጥ ይቆያል።

የውሃ ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም። ፕላስቲኩ ስስ ነው፤ ግፊት ሲያገኘው ይነፋል፣ ታቹ ይገለበጣል። የለስላሳ ጠርሙስ ወፍራም ነው፣ ከታቹም እንደ እግር የወጡ ጉብታዎች አሉት። የማር ወይም የጃም ብርጭቆም አትጠቀሙ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

4. ፈትሹ

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጠርሙሱን በአውራ ጣት ተጫኑት። ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚወርድ ትንሽ ቢለሰልስ ምንም አይደለም። ጭራሽ ከላላ ግን ክዳኑ ያስወጣል ማለት ነው። አንገቱን ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ ከክዳኑ ጠርዝ ከተከታተለ ክዳኑን ቀይሩ። ጠርሙሱን ነቅንቃችሁ ለማጠንከር አትሞክሩ። ያኔ የሚያጠነክረው ከመጠጡ የወጣው ጋዝ ነው። ክዳኑ የሚያስወጣ ሆኖ ምትክ ከሌለ መጠጡን ሳይሞቅ ዛሬውኑ ጠጡት፤ አንዴ ከጠርሙሱ የወጣውን ጋዝ ማቀዝቀዝ አይመልሰውም።