ሪፕሌዩ ላይ አልጠፋ ያለ ኮሜንትና የተመልካች ቁጥር፦ ችግሩና መፍትሄው

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ትንሿ ስቱዲዮዬ ፍላሽ ይዛ መጣች። የእህቷ ሰርግ ውጭ ላሉት ዘመዶች በላይቭ ተላልፎ ነበር። “ወንድሜ፣ ይሄን ኮሜንት አጥፋልኝና መልሼ ዩቲዩብ ላይ ልልቀቀው” አለችኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። በስተቀኝ ኮሜንቱ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። በግራ በኩል ከላይ የዓይን ምልክት አለ፤ አጠገቡ 17 ይላል። ለካ ያናደዳት ኮሜንቱ ሳይሆን 17ቷ ናት። “አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ 17 ሰው አየው ይባላል?”

እንዲህ ያለ ሥራ በየጊዜው ይመጣልኛል። መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ኮሜንቱ ያለው ቪዲዮው ውስጥ ነው ወይስ ከቪዲዮው ውጭ?

ምልክት፦ ኮሜንቱ ዩቲዩብ ላይ ይታያል፤ ስክሪኑን ሙሉ ሲያደርጉት ወይም ፋይሉን አውርደው ሲከፍቱት ግን የለም

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮሜንቱን ከጎን የሚያመጣው ዩቲዩብ ራሱ ነው፤ ምስሉ ንጹህ ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተው ቪዲዮውን ይክፈቱ፣ ዝርዝሩን እስከ ታች ይዘርጉ፣ `Live chat replay` የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። አለቀ። በዚያ ሰዓት ስንት ሰው እያየ እንደነበር የሚያሳየው ቁጥርም ላይቩ ሲያልቅ ከገጹ ይጠፋል። የሚቀረው ጠቅላላ የታየበት ብዛት ነው፤ እሱን መደበቂያ የለም።

ምልክት፦ ፋይሉን በቪኤልሲ ሲከፍቱትም ኮሜንቱ አለ

የልጅቷ ፋይል እንዲህ ነበር። ይሄ ማለት ኮሜንቱ ከምስሉ ጋር አብሮ ተቀርጿል፤ እንደ እንጀራና ወጥ ተቀላቅሏል። በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው፣ ላይቩን ስልክ ላይ እያየ ስክሪን ሪከርድ ያደረገ ሰው አለ። ሁለተኛው፣ ላይቩን ያስተላለፈው ባለሙያ ኦቢኤስ በሚባለው የላይቭ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ላይ ኮሜንቱንና ቁጥሩን እንደ አንድ ምስል ደርቦ አብሮ ልኮታል።

ልዩነቱ ንጹሁን ቅጂ የት እንደምንፈልግ ይነግረናል። ስክሪን ሪከርድ ከሆነ፣ ላይቩ ከተላለፈበት አካውንት ዋናውን ያውርዱት፤ ኮሜንት የለበትም። ፌስቡክ ላይ ከነበረ ግን አይቆዩ፤ ከ2025 ጀምሮ ፌስቡክ የላይቭ ቪዲዮ የሚያስቀምጠው ለ30 ቀን ብቻ ነው። በኦቢኤስ የተደረበ ከሆነ ማውረዱ አይጠቅምም፤ የሚወርደውም ያው ነው። ያን ጊዜ ባለሙያውን “ካሜራው ውስጥ ካርድ ነበረ?” ብለው ይጠይቁ። ብዙ ካሜራ ወደ ኮምፒውተሩ እየላከ ጎን ለጎን ካርዱ ላይም ይቀርጻል።

እኔም ደወልኩ። ካርድ ነበረ፤ ግን ለሚቀጥለው እሁድ ሰርግ ፎርማት ተደርጓል። እንግዲህ የቀረው መቁረጥ ነው።

መቁረጡ

በግምት አይቆረጥም። ቪኤልሲ ላይ አንድ ቦታ አቁሜ ስናፕሾት አነሳሁና በፔይንት ከፈትኩት። ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ ፔይንት ከታች በግራ በኩል ነጥቡን በፒክስል ያሳያል። ምስሉ 1920 በ1080 ነው። የኮሜንቱ ግራ ጠርዝ 1542 ላይ ይጀምራል። የቁጥሩ የታችኛው ጠርዝ 71 ላይ ያበቃል።

ስለዚህ ከግራ 1536 ብወስድ ኮሜንቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ቅርጹ እንዳይዛባ ቁመቱ 864 መሆን አለበት፤ 1536 በ864 ልክ 16 ለ9 ነው። 1080 ወደ 864 ሲወርድ 216 ፒክስል ከቁመቱ ይጣላል። ጥያቄው ከላይ ስንት፣ ከታች ስንት የሚለው ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ከላይ ጣልኩት። የቆሙት ሚዜዎች ግንባራቸው ተቆረጠ። ቁጥሩ 71 ላይ ካበቃ ግን ከላይ 80 ይበቃል፤ ቀሪው 136 ከታች ይሂድ። ከታች ምንጣፍ ነው፣ ማንም አያጣውም። የምቆርጠው ትዕዛዝ ተጽፎለት በሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ `serg.mp4` የልጅቷ ፋይል ነው፦

```
ffmpeg -ss 00:10:00 -t 20 -i serg.mp4 -vf "crop=1536:864:0:80,scale=1920:1080" -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy test.mkv
```

ይሄ ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ 20 ሰከንድ ብቻ ይሞክራል። ውጤቱን ሲወዱት `-ss 00:10:00 -t 20` የሚለውን ያውጡና የመጨረሻውን ፋይል `ok.mkv` ብለው ሙሉውን ያስኪዱት። ምስሉ ስለተለጠጠ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ስልክ ላይ አይታወቅም፣ ትልቅ ቲቪ ላይ ግን ይታወቃል። ለደንበኛ ቀድሞ መናገር ይሻላል።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተሠራው ፋይል አልከፍት አለ

ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ እስከዚያ የተሠራው ሁሉ ይበላሻል። ለዚህ ነው ከላይ `.mkv` ያልኩት፤ ኤምኬቪ እስከተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል። ዩቲዩብም ይቀበለዋል።

ምልክት፦ በአንድ ቦታ ኮሜንት ከተቆረጠው ውስጥ ብቅ ይላል

ባለሙያው በምርቃቱ ሰዓት አንድ ኮሜንት አጉልቶ ስክሪኑ ታች አውጥቶት ነበር። ውስጡ የአንድ አጎት ስልክ ቁጥር አለ! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ብለር ያደርጋል። እኔ አልወደውም። ስስ ብለር ቁጥሩን በደንብ አይደብቅም፤ ደግሞም “እዚህ ጋ የተደበቀ ነገር አለ” ብሎ ይጮሃል። በዚያ ቦታ፣ ለዚያች 12 ሰከንድ ያህል፣ የሙሽሮቹ ስም ያለበት ድፍን ሰሌዳ ለጠፍኩበት። የታሰበበት ይመስላል።

ምልክት፦ ምስሉ ንጹህ ነው፤ ድምፁ ግን ያሳብቃል

ሁሉን ጨርሼ፣ ልጅቷ መጥታ አብረን እያየን ነው። 43ኛው ደቂቃ ላይ መድረክ መሪው ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ “17 ሰዎች በላይቭ እየተከታተሉን ነው፣ ሼር አድርጉት!” አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ቶሎ አቆመች።

ድምፁን እንዳለ ማለፍ ስለማይቻል እንደገና መጻፍ አለበት። ምስሉን ግን ሳይነኩ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ብዙ አይቆይም። 43፡04 በሰከንድ 2584 ነው።

```
ffmpeg -i ok.mkv -c:v copy -af "volume=0:enable='between(t,2584,2588)'" -c:a aac -b:a 192k last.mkv
```

በሰርግ ጫጫታ መሃል የ4 ሰከንድ ጸጥታ ግን ጆሮ ይስባል። እኔ ቀጥሎ ካለው ጭብጨባና እልልታ 4 ሰከንድ ወስጄ በኤዲቲንግ ፕሮግራም እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን መድረክ መሪው ማይኩን ያነሳል፣ አፉን ይከፍታል፣ እልልታ ይወጣል።