ጁሱ ይሸጣል፣ ገንዘቡ የለም፦ ኪራይና መብራት በየምርቱ ሲከፋፈል የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ድሬዳዋ ውስጥ የዳቦ ቤቶችን፣ የካፌዎችንና የሱቆችን ሂሳብ ስሠራ ደጋግሜ የማየው አንድ ችግር አለ። ደብተሩ ላይ ሁሉም ዕቃ አትራፊ ነው። ባለቤቱ ይበልጥ ያተርፋል ያለውን ዕቃ ያበዛል፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ግን ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ገቢና ወጪን በየቀኑ መመዝገብ፣ የቤትንና የሱቅን ገንዘብ መለየት የታወቀ ነገር ስለሆነ አልመለስበትም።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙትን ላንሳ። የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ በአንድ ወር ሂሳብ ላይ ከገባ ለስድስት ማካፈል ነው። በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ካላችሁ ወጪው በወሩ የገዛችሁት ካርድ ሳይሆን በወሩ የፈጀው ነው፤ ስለዚህ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቆጣሪውን አንብቡ።

ምልክቱ

ከዚራ ውስጥ ዳቦ፣ ኬክና ጁስ የሚሸጥ አንድ ቤት ነበር። ባለቤቷ ጎን ያለውን ክፍል ተከራይተው ጁሱን ሊያስፋፉ ቆርጠው ነበር። «ልጄ፣ ከአንድ ብርጭቆ 12 ብር ይተርፈኛል፤ ዳቦው ግን ድካም ብቻ ነው» አሉኝ። ጁስ የሚፈጨው ልጅም «አቦ፣ ጁስማ ገበያ ነው!» ይል ነበር። ሁለቱም ያዩት ደብተሩ ላይ ያለውን ነው።

በወር የ300 ሺህ ብር ዳቦ፣ የ120 ሺህ ብር ኬክና የ80 ሺህ ብር ጁስ ይሸጣሉ። ጁሱ አንዱ በ80 ብር፣ በወር አንድ ሺህ ብርጭቆ መሆኑ ነው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ፍራፍሬ፣ የምድጃው ናፍጣና የየክፍሉ ሠራተኛ ደመወዝ ሲነሳ ከዳቦ 42 ሺህ፣ ከኬክ 40 ሺህ፣ ከጁስ 20 ሺህ ይቀራል። የጋራ ወጪው 50 ሺህ ነው፤ ኪራይ 30 ሺህ፣ መብራት 14 ሺህ፣ ውሃ 6 ሺህ።

መንስኤው

ይህ የጋራ ወጪ የተከፋፈለው በሽያጭ ልክ ነበር። ዳቦ ከሽያጩ 60 በመቶ ስለሆነ 30 ሺህ፣ ኬክ 12 ሺህ፣ ጁስ 8 ሺህ ደረሰው። በዚህ ስሌት ከዳቦም ከጁስም እኩል 12 ሺህ፣ ከኬክ 28 ሺህ ብር ተረፈ። ከአሥር ቤት ስምንቱ የሚመጣልኝ እንዲህ ተከፋፍሎ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ነው፣ ግን ስህተት ነው። ፍሪጅ ስንት ብር እንደተሸጠ አያውቅም። በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሲያርፍ፣ አንድም ብርጭቆ ሳይሸጥ፣ ኮምፕረሰሩ ይሠራል። ዳቦ ገዢ ደግሞ በር ላይ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ወንበሩ ላይ ሰዓት የሚቆየው ጁስ ጠጪው ነው።

መጋላ ውስጥ ጨርቅ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ይህን ያህል አይጎዳም፤ እዚያ ዋናው ነገር መደርደሪያው የያዘው ቦታ ነው።

መፍትሄው

እያንዳንዱን ወጪ በሚያመጣው ነገር ማካፈል ነው። ኪራይ በካሬ፣ መብራት በፈጀው ኃይል፣ ውሃ በተቀዳው ልክ።

ኪራዩን ለማካፈል ቤቱን በሜትር ለካነው፤ 100 ካሬ ሆነ። ዳቦ 30፣ ኬክ 20፣ ጁስ 10 ካሬ ይይዛሉ፤ የቀረው 40 ካሬ መቀመጫ ነው። ብዙ ሰው ይህን መቀመጫ ለሦስቱ እኩል ያካፍለዋል። እንዲህ አታድርጉ። ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ ማን ምን ይዞ እንደተቀመጠ ቆጠርን፤ 24 ካሬው ለጁስ፣ 16ቱ ለኬክ ወጣ። ስለዚህ ከኪራዩ ዳቦ 9,000፣ ኬክ 10,800፣ ጁስ 10,200 ብር ወሰደ።

መብራቱ ላይ ነው ሰው በብዛት የሚሳሳተው። በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዋት በሥራ ሰዓቱ ማባዛትና ለ1,000 ማካፈል ነው፤ ግን ፍሪጅ ሌት ተቀን ቢሰካም ኮምፕረሰሩ ይነሳል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ሰዓት ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ። የጁሱ ሁለት ፍሪጆች እያንዳንዳቸው 600 ዋት ናቸው፤ ከአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ደቂቃ ይሠሩ ነበር። በቀን 18 ሰዓት ማለት ነው፤ ለሁለቱ 21.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 648። መፍጫው ሲጨመር ወደ 700 ገባ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኬክ ምድጃ ከማሳያ ፍሪጁ ጋር 800 ፈጀ። ዳቦ በናፍጣ ስለሚጋገር የሊጥ ማቡኪያው ዋናው ሆኖ 500 ብቻ ሆነ። ናፍጣው ቀድሞ ከዳቦው ተቀንሷል፤ ደግማችሁ እንዳትቀንሱት።

ድምሩ 2,000 ነው፤ ቆጣሪው 2,100 አለ። መቶው አምፖልና ማራገቢያ ስለሆነ በዚያው ድርሻ ሄደ። ልዩነቱ ከዚህ በጣም ከሰፋ ግን ስሌቱን አትቀጥሉ፣ ገመዱን ተከተሉ! ሳቢያን ውስጥ በአንድ ቤት ስሌቴ 1,500፣ ቆጣሪው 1,800 ነበር። ሁለት ቀን ፈልጌ ከጓሮ በኩል የባለቤቱ እህት ለሰፈር የምትሸጠውን እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ አገኘሁ። ዳቦው ከስሯል የተባለው የእንጀራውን መብራት ተሸክሞ ነው። የተለጠፈ ዋት የሌለው አሮጌ ፍሪጅ ካላችሁም አትገምቱ፤ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ መለኪያ አድርጉበት።

ውሃው በጄሪካን ለሦስት ቀን ተቆጥሮ 60 በመቶው ለፍራፍሬና ለብርጭቆ ማጠቢያ፣ ቀሪው ለዳቦና ለኬክ እኩል ሆነ።

አሁን መብራትና ውሃውን ደምሩ። ከጋራ ወጪው ዳቦ 13,700፣ ኬክ 17,600፣ ጁስ 18,700 ብር ደረሰው። የሚተርፈው ከዳቦ 28,300፣ ከኬክ 22,400፣ ከጁስ 1,300 ነው። 12 ብር የተባለው የአንድ ብርጭቆ ትርፍ 1 ብር ከ30 ሳንቲም ሆነ። የቤቱ ጠቅላላ ትርፍ ግን በሁለቱም ስሌት 52 ሺህ ነው፤ ድምሩ ከተለወጠባችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስህተት

ባለቤቷ ይህን ሲያዩ «እንግዲያው ጁሱን ልዝጋው» አሉ። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት ነው። ጁስ ቢዘጋ አከራዩ 10,200 ብር አይቀንስም። ከወጪ የሚቀንሰው መብራቱ 4,900ና ውሃው 3,600፣ በድምሩ 8,500 ብር ነው። የሚታጣው ግን 20 ሺህ ነው። ቦታው ላይ ሌላ የሚሸጥ ነገር ካልገባ ቤቱ በወር 11,500 ብር ይጎድለዋል። በካሬ የተከፋፈለ ኪራይ ዋጋ ለመተመንና ለማስፋፋት ይጠቅማል፤ ለመዝጋት ስታስቡ ግን የእውነት የሚቀንሰውን ወጪ ብቻ ቁጠሩ።

ጎን ያለው ክፍል ላይ ፍርዱ ሌላ ነው፤ ያ ኪራይ ከኪስ የሚወጣ አዲስ ወጪ ነው። ስለዚህ አልተከራዩትም። ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚያድረውን አንዱን ፍሪጅ ነቀልን፣ ፍራፍሬው በሌላኛው ተጠቃለለ፣ የጁሱ የመብራት ድርሻ በግማሽ ገደማ ወረደ። አራት ጠረጴዛ ተነስቶ የዳቦ መሸጫው ሰፋ።

የፍሪጁን ልኬታ በታኅሣሥ ሠርታችሁ ለግንቦት አትጠቀሙበት። የከዚራውን ቤት የለካሁት በግንቦት ነው፤ በታኅሣሥ ስመለስ የቀረው ፍሪጅ በሰዓት 30 ደቂቃ ብቻ ይሠራ ነበር።