ስዊዘርላንድ ውስጥ ጀርመንኛ ለምትማሩ

ዙሪክ ወይም በርን ሆናችሁ ጀርመንኛ የምትማሩ ከሆነ፣ ለመናገርና ለመጻፍ መደበኛውን ሆኽዶይች ያዙ፤ የአገሬውን ዘዬ ግን ቶሎ ጆሯችሁን አስለምዱት። ጋዜጣው፣ የቢሮ ደብዳቤው፣ የቋንቋ ፈተናው በመደበኛው ነው። ሰዉ እርስ በርሱ የሚያወራው ግን በዘዬው ነው፣ እሱም ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ አንድ ወጥ አጻጻፍም የለውም። ጀማሪ ሆናችሁ ልናገረው ካላችሁ ሁለቱም ይደበላለቁባችኋል።

ለጆሮ ምርጡ ዘዴ የኤስአርኤፍ ቴሌቪዥን የማታ ዜና ነው። ዜናው በመደበኛው ይነበባል፣ ከዚያ የአየር ትንበያው በዘዬ ይቀርባል። ካርታው ፊታችሁ ስላለና ዝናብ፣ ፀሐይ፣ በረዶ የሚሉት ቃላት በየቀኑ ስለሚደጋገሙ ባይገባችሁም ትገምታላችሁ። የድምፅ ለውጡንም ያዙ፦ ሃውስ ሁስ ይሆናል፣ ጻይት ጺት ይሆናል፣ በቃል መጀመሪያ ያለው ክ ደግሞ ብዙ ቦታ ኽ ይሆናል፣ ኪንት ኺንት እንደሚባለው (ኽ ለእኛ አፍ ቀላል ናት)።

ካልገባችሁ «ሆኽዶይች፣ ቢተ» በሉ፣ አብዛኛው ሰው ይቀይርላችኋል። አረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠሩ ግን ይህን አትጠብቁ፤ ታማሚው ሕመሙን የሚነግራችሁ በልጅነት ቋንቋው ስለሆነ የአካል ክፍሎችንና የሕመም ቃላትን በዘዬው ቀድማችሁ ከባልደረቦቻችሁ ጠይቁ።